ጋሼ፣ ደህና ይሰንብቱ

ጋሼ፣ እትዬ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፣ እንደምን ዋላችሁ።

የተሰጠኝ ሦስት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ስለ አንድ ቀን ብቻ ልንገራችሁ።

ወሩ ኅዳር ነበር። እዚህ ግብርና ጽሕፈት ቤት ከተቀጠርኩ ገና አራተኛ ወሬ። የደብረ ብርሃንን ኅዳር ታውቁታላችሁ፤ ሌሊቱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፣ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። በዚያ ሰሞን ገብሱን ውርጭ መታው ተባለ። እኔ ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ደወልኩና «የቀበሌው ገብስ በሙሉ ተመቷል» ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። ጋሼ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።

በማግስቱ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጋሼ ሞተራቸውን አስነስተው በር ላይ ቆመዋል። «ና ውጣ፣ እንሂድ» አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። የለበስኩት ስስ ጃኬት ነበር። አዩኝና ጋቢያቸውን አውልቀው ሰጡኝ።

ደረስን። ሜዳው ላይ ያለው ገብስ እውነትም አልቋል። ጋሼ አንድ ዛላ ቀጠፉና በጣታቸው ፈለቀቁት። ባዶ ነው። ከዚያ ወደ ተዳፋቱ ወሰዱኝ። እዚያም አንድ ዛላ ቀጠፉ፤ ይኼኛውን እኔ እንድፈለቅቀው ሰጡኝ። ፍሬው ሙሉ ነው፣ ስጫነው ወተቱ ጣቴ ላይ ፈሰሰ። ቀዝቃዛ አየር ቁልቁል ወርዶ ሜዳው ላይ እንደሚተኛ ኮሌጅ ተምሬዋለሁ። በስልክ ግን አይታየኝም ነበር። ያ ሪፖርት እንዳለ ቢያልፍ ኖሮ እርዳታው ላልተጎዳውም ይከፋፈልና በእውነት የተመታው ገበሬ ድርሻ ይሳሳ ነበር።

«በል አሁን ጻፈው» አሉኝ።

ስህተቴን ለማንም አልተናገሩም። እስከ ዛሬ። ዛሬ እኔው ነገርኳችሁ።

እናንተም እንዲህ ያለ ቀን እንዳላችሁ አውቃለሁ። የጥበቃችን ባለቤት ሆስፒታል የተኙ ጊዜ ማታ ማታ ስንቅ ይዘው የሚሄዱት ጋሼ ነበሩ። ደግሞ ይቆጣሉ፤ አርፍዶ የገባ ሰው ያውቀዋል። ቁጣቸው ግን የከሰዓቱ ቡና እስኪፈላ ነው። ስኒውን ለተቆጡት ሰው መጀመሪያ የሚያቀብሉት ራሳቸው ናቸው።

እትዬ፣ እርስዎንም ከልብ እናመሰግናለን። ከመስክ ስንመለስ ሲመሽብን፣ በር በሩን እያዩ ይጠብቁ የነበሩት እርስዎ ነዎት።

ጋሼ፣ ያን ዕለት ማታ ጋቢዎን ልመልስ ስል «ቆይ፣ ብርዱ ይለፍ» አሉኝ። አሁንም እኔ ዘንድ ነው። ዛሬ ሁላችንም አዋጥተን ባና ገዝተንልዎታል፣ ከመንዝ በግ ጸጉር የተሠራ። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥዎት፤ የልጅ ልጅ ያሳይዎት። ቢሮው ቤትዎ ነው፤ ሲያልፉ ጎራ ይበሉ፣ ቡናው አይጠፋም።

እስቲ ሁላችሁም ተነሱልኝ። እትዬ፣ ባናውን እርስዎ ያልብሱልን።