እምዬ፣ እንኳን 90 ሞላዎት!

ጣሊያን ጎንደር በገባበት በ1928 ዓ.ም. ተወለዱ። አባባ ሲያርፉ ስድስት ልጆች በእጅዎ ላይ ቀሩ፤ ሌሊት ጠላ እየጠመቁ፣ ቀን እንጀራ ጋግረው ለገበያ እያወጡ፣ ስድስቱንም አስተማሩ። እርስዎ ራስዎ ፊደል የለዩት በ43 ዓመትዎ ነው፣ በ1971ዱ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ። ይሄን ሳስብ ሁሌም ይገርመኛል። ዛሬም ንጋት ላይ መነጽርዎን አድርገው ዳዊት ይደግማሉ፤ ጣትዎ መስመሩን ተከትሎ ቀስ እያለ ይሄዳል፣ የገጹ ጠርዝ በጣትዎ ወዝ ጠቁሯል።

የተጣላ ጎረቤት ካለ ደግሞ ሁለቱንም ቡና ይጠራሉ። በረካው ሳይቀዳ ታርቀው ይወጣሉ።

እምዬ፣ እንወድዎታለን። ከአዲስ አበባም ከባሕር ዳርም ተጠራርተን መጥተናል፤ ድፎው ተቆርሷል፣ ይመርቁን።