የባንዲራው ገመድ

የባንዲራው ገመድ ተበጥሷል። ርዕሰ መምህሯ አዲስ ሊያስገዙ ነው፤ ግን ስንት ሜትር?

«ምሰሶው አሥራ ሁለት አያንስም» አሉ ጥበቃው ጋሽ ታደሰ፣ አንጋጠው።

የሰባተኛ ክፍሉ ቢንያም የአንድ ሜትር ዱላ ይዞ መጣ። ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ ጥላው 125 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ወዲያው ወደ ምሰሶው ጥላ ሮጠ፤ ፀሐይ እኮ ቆማ አትጠብቅም። የምሰሶው ጥላ አበባ መደቡን ተሻግሮ 10 ሜትር ላይ አበቃ።

«አሥር ለአንድ ከሩብ ሲካፈል ስምንት። ምሰሶው 8 ሜትር ነው፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው 8 ሜትር ገመድ ይገዛ!»

«ገመዱ ወጥቶ ይመለስ የለ? 16 ነው።»

ጋሽ ታደሰ ጢማቸውን እያሻሹ አሰቡ። «ለቋጠሮው አንድ ጨምርበት።»

ቢንያም 17 ብሎ ጻፈና ወደ ቢሮ ሮጠ።