አስቸኳይ፦ ማክሰኞ ለረቡዕ አጥቢያ 412 ላይ የተፈጠረው ነገር፣ ከ9:00 በፊት እንግዳዋ ጋር መደወል አለበት

ሰላም ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን አደሩ

ይሄን ኢሜል ሲከፍቱ መጀመሪያ ማወቅ ያለብዎትን ላስቀድም። ትናንት ማታ 23:51 አካባቢ አንዲት እንግዳ የተኛችበት 412 ቁጥር ክፍል ውስጥ ሌላ እንግዳ በቁልፍ ከፍቶ ገብቷል። ቁልፉን የሰራሁለት እኔ ነኝ። ሰውየው ምንም ጥፋት የለበትም፣ ክፍሌ ነው ብሎ ነው የገባው። እንግዳዋ በጣም ደንግጣለች፣ ከአልጋ ስትነሳ ቀኝ ጉልበቷን የአልጋው አጠገብ ያለው ኮመዲኖ መቷታል። አሁን 503 ነች። 11:00 ላይ ቼክ አውት ታደርጋለች፣ ከዛ በፊት እርስዎን ማነጋገር ትፈልጋለች፣ እኔም እስከ 9:00 ይደወልልሻል ብያታለሁ። ከዚህ ሌላ ምንም ቃል አልገባሁላትም።

ሰዓቱን ሁሉ በፍሮንት ዴስኩ ሲስተም ሰዓት ነው የጻፍኩት፣ የካሜራው ሰዓት ከኛ በ2 ደቂቃ ይቀድማል ስለዚህ ቪዲዮውን ሲያዩ ግራ እንዳይገባዎት። የእንግዶቹን ስም ሆን ብዬ አልጻፍኩም፣ ኢሜሉ ወደ ላይ ፎርዋርድ ሊደረግ ይችላል ብዬ ነው፣ ሬጅስትሬሽን ካርዶቹ ካዝናው ውስጥ ናቸው። ራሴ ያየሁትንና ሰው የነገረኝንም ለይቼ ነው የጻፍኩት።

ነገሩ የጀመረው ከሰዓት በኋላ ነው። እንግዳዋ መጀመሪያ 407 ነበረች። 15:20 ላይ የባኞ ቤቱ ጣራ ውሃ ያንጠባጥባል ብላ ደውላ የከሰዓቱ ሺፍት ኤጀንት ወደ 412 ቀይሯታል፣ ቁልፍም ሰርቶ ሰጥቷታል፣ ሲስተሙ ላይ ግን ሩም ሙቭ አልተደረገም። በዛ ሰዓት የ18 ሰው ግሩፕ ቼክ ኢን እያደረገ እንደነበር ሲስተሙ ላይ ይታያል፣ ለምን እንዳልተሰራ ግን እሱ ራሱ ቢናገር ይሻላል፣ እኔ በሱ ፋንታ መመለስ አልፈልግም። ሎግ ቡኩ ላይ ያለው «407 ውሃ ያንጠባጥባል፣ ለሜንቴናንስ ተነግሯል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። ስለዚህ ማታ ላይ ሲስተሙ 407ን ሰው ያለበት፣ 412ን ደግሞ ባዶ፣ የጸዳና የታየ ክፍል አድርጎ ነበር የሚያሳየው። 22:00 ስንረካከብም ስለ መቀየሩ በቃል አልተነገረኝም።

ግን እዚህ ጋ የኔ ጥፋት አለ፣ ደብቄ አላልፍም። የሃውስኪፒንግ የማታው ዲስክሬፓንሲ ሪፖርት ዴስኩ ላይ ትሬው ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ 412 ሰው ያለበት፣ 407 ባዶ፣ ሻንጣም የለም ተብሎ በግልጽ ተጽፏል። እኔ ሺፍት ስገባ ወረቀቱን አይቼዋለሁ፣ አላነበብኩትም። ከሲስተሙ ጋር አመሳክሬ መፈረም ነበረብኝ፣ የፊርማው ቦታ አሁንም ባዶ ነው፣ ምንም ሳልነካው ፎቶ አንስቼ አያይዤዋለሁ። 2 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፣ ባነበው ይሄ ሁሉ ባልሆነ ነበር።

ሁለተኛው እንግዳ 23:38 ላይ ደረሰ፣ በረራው ዘግይቶበት ነው፣ የ1 ሌሊት ሪዘርቬሽን ነበረው። ከመንገድ ራቅ ያለ ጸጥ ያለ ክፍል ስጪኝ ስላለኝ ከባዶዎቹ ውስጥ 412ን መረጥኩለት። መታወቂያውን አይቼ፣ ካርዱን አስፈርሜ 23:44 ቼክ ኢን አደረግኩት፣ 23:46 ላይ ቁልፉን ሰራሁ። ቁልፉ የተሰራው እንደ አዲስ እንግዳ ቁልፍ ነው እንጂ እንደ ዱፕሊኬት አይደለም፣ ይሄ ማለት የሱ ካርድ በሩን ሲከፍት የሷ ካርድ መስራት አቁሟል ማለት ነው። ይሄን የማነሳው በኋላ እንግዳዋ ካርዷን ሞክራ እምቢ ስላላት «ከክፍሌ ልታስወጡኝ ነበር እንዴ» ብላ ስለጠየቀች ነው።

ሰውየው የነገረኝ እንዲህ ነው፦ ካርዱን አስጠጋ፣ አረንጓዴ በራ፣ ገባ፣ ጨለማ ስለነበር ካርዱን መብራቱ ማብሪያ ላይ ከተተ፣ መብራት ሲበራ ሴት ጮኸች፣ ካርዱን ነቅሎ ይቅርታ እያለ ወጣ፣ ሻንጣው ኮሪደሩ ላይ ነበር። አስር ሰከንድ እንኳን አልቆየሁም ይላል። እንግዳዋ ደግሞ ግማሽ ደቂቃ ያህል ቆሞ ነበር ትላለች። ካሜራውን እኔ አላየሁትም፣ የሴኩሪቲ ተረኛው አይቶ ከመግባት እስከ መውጣት 18 ሰከንድ ነው ብሎኛል። እባክዎ እሷ ጋር ሲደውሉ ስለ ሰከንዱ አይከራከሯት፣ ከእንቅልፍ ተነስቶ የማያውቁት ሰው ቆሞ ማየት ለሷ ረጅም ነው።

23:53 ላይ ከ412 ስልክ ተደወለ። ሲስተሙ ላይ 412 የሰውየው ስለሆነ ስክሪኑ ላይ የሱ ስም ነው የወጣው፣ እኔም ስሙን ጠርቼ «አቤት ጌታዬ፣ ክፍሉ ተስማማዎት?» አልኩ። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «ማን ነው ጌታዬ የምትይው? ክፍሌ ውስጥ ወንድ ገብቶ ነበር» አለችኝ። ይሄን ማስገባት ያለብኝ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም የሰውየውን ስም የሰማችው ከኔ አፍ ነው፣ ከዛ በኋላም ማን እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠይቃኛለች። መልሼ አልነገርኳትም፣ ግን አንዴ ሰምታዋለች፣ ማወቅ አለብዎት። የሷን ስም ለሱ አልነገርኩም። ሰውየው እኛ እያወራን ወደ ዴስኩ ወረደ፣ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

እንግዳዋ ስልክ ላይ ያለችውን ወዲያው ወረቀት ላይ ጽፌዋለሁ፣ ቃል በቃል ይሄ ነው፦ «ተኝቼ ነበር። አይኔን ስገልጥ ወንድ ቆሞ ነው ያየሁት። ማነው ቁልፍ የሰጠው? እናንተ ማን የት እንደተኛ አታውቁም ማለት ነው?» በሩን ከውስጥ እንድትቆልፍና ድምጽ ሰምታ ሳታረጋግጥ ለማንም እንዳትከፍት ነገርኳት፣ መስመሩንም አልዘጋሁትም። ዴስኩ ላይ ብቻዬን ስለነበርኩ መሄድ አልቻልኩም፣ 23:57 ላይ ሴኩሪቲውንና የማታዋን የሃውስኪፒንግ ተረኛ አብረው ላክኋቸው፣ ሴት ድምጽ ብትሰማ ትከፍታለች ብዬ ነው፣ እንደዛም ሆነ።

23:58 ላይ የ412ን ካርድ ከሰውየው ተቀበልኩ። ለዱቲ ማናጀሩ 00:02 ደወልኩ አልተነሳም፣ 00:09 ላይ ተነሳ፣ 00:40 ደረሰ። እስከዛ ድረስ ሁለቱንም ክፍል ቀየርኳቸው፣ ሰውየውን 00:15 ወደ 309፣ እሷን 00:22 ወደ 503። በዚህ ጊዜ ስክሪኑን አላመንኩም፣ ካርድ ከመስራቴ በፊት ሴኩሪቲው ሁለቱንም ክፍሎች አንኳኩቶ ገብቶ ባዶ መሆናቸውን አረጋግጦልኛል፣ ሙቩንም ያኔውኑ ሲስተሙ ላይ ሰርቻለሁ። 503 ሌላ ፎቅ ስለሆነ ነው የመረጥኩት፣ ሰውየውን ኮሪደር ላይ እንዳታገኘው ብዬ። እቃዋን የሃውስኪፒንጓ ልጅ አብራት አሽጋ አደረሰቻት።

ጉልበቷን በተመለከተ ሃውስኪፒንጓ እንዳየችው ቀልቷል፣ ደም የለውም። በረዶ ወስደንላታል፣ ሐኪም እንጥራ ስንላት አልፈልግም አለች፣ ጠዋት ካመማት እንደገና እንጠይቃታለን ብለናታል። እቃ ጠፋ አላለችም፣ ላፕቶፑም ቦርሳውም ክፍሉ ውስጥ ነበር፣ ግን በደንብ ሳላይ ምንም አልፈርምም ብላለች፣ ልክ ነች፣ እኛም ፈርሚ አላልናትም። ፖሊስ ጋር ልሄድ እችላለሁ ስትል መብትሽ ነው፣ መደወል ከፈለግሽ እናግዝሻለን አልኳት። ዱቲ ማናጀሩ 01:10 ላይ ስልክ ደውሎላት ነበር፣ ነቅታ እንዳለችና ከአሁን በኋላ ማንም እንዳይደውልላት፣ ጠዋት ከእርስዎ ጋር ብቻ እንደምታወራ ተናግራለች።

የምትፈልገው ሦስት ነገር ነው፣ እርስዎን ማነጋገር፣ የሆነውን በጽሁፍ ማግኘት፣ ቁልፉን ማን እንደሰጠ ማወቅ። የመጨረሻውን በተመለከተ ስሜ ቢነገራት እኔ ተቃውሞ የለኝም፣ ራሴ ይቅርታ ብጠይቃትም ደስ ይለኛል፣ ግን ያለ እርስዎ ፈቃድ አላደርገውም። ስለ ገንዘብ እሷም አላነሳችም እኛም አላነሳንም፣ ቢሏን አልነካሁትም፣ ውሳኔው የእርስዎ ነው። ሰውየው በበኩሉ ሄጄ ይቅርታ ልጠይቃት ብሎ ነበር፣ እባክዎ አይሂዱ፣ መልዕክት ካለ በኛ በኩል ይሁን ብዬዋለሁ፣ ተስማምቷል። እሱም ተጎድቷል፣ ሌባ ነው ብለው ያስባሉ ብሎ ሲጨነቅ ነው ያደረው፣ እሱንም ቢያናግሩት ጥሩ ነው፣ 8:30 ላይ ይወጣል።

412ን አውት ኦፍ ኦርደር አድርጌዋለሁ፣ ማንም እንዳይገባ፣ ሃውስኪፒንግም ጭምር። የሱም የሷም ካርድ በየፖስታው ታሽጎ እኔና ሴኩሪቲው ፈርመንበት ካዝና ውስጥ ነው። የበሩ ሎክ ሎግ ግን አልተነበበም፣ የሚያነበው መሳሪያ ኢንጂነሪንግ ቢሮ ተቆልፎበታል፣ የቀን ቴክኒሻኑ እንደገባ ማንም ካርድ ሳይሞክርበት እንዲያነበው ይታዘዝልኝ። የካሜራው ቪዲዮ ከ14 ቀን በኋላ በራሱ እንደሚጠፋ ሴኩሪቲው ነግሮኛል፣ ዛሬውኑ ኮፒ ይወሰድ፣ የ4ኛ ፎቅ ኮሪደርና የፍሮንት ዴስኩ ከ23:30 እስከ 00:45፣ ከሰዓት በኋላ 15:00 እስከ 16:00 ያለውም ቢጨመር ሙቩ እንዴት እንደተሰራ ያሳያል።

ሌላ ተመሳሳይ ነገር እንዳይኖር ፈርቼ 01:30 ላይ የሃውስኪፒንጉን ሪፖርት ከሲስተሙ ጋር ክፍል በክፍል አመሳክሬዋለሁ፣ ከ407ና ከ412 ውጭ ልዩነት አላገኘሁም። እስከዛ ድረስ አዲስ ቼክ ኢን አላደረግኩም፣ የመጣም እንግዳ አልነበረም።

የሴኩሪቲውና የሃውስኪፒንጓ ልጅ ቃል በየራሳቸው እጅ ተጽፎ ተያይዟል፣ እኔ አላረምኩትም። የዱቲ ማናጀሩ የራሱን እልካለሁ ብሏል። የከሰዓቱ ኤጀንት 14:00 ነው የሚገባው፣ እስካሁን አልደወልኩለትም፣ ቃሉን ከኔ ጋር ሳያወራ ቢሰጥ ይሻላል ብዬ ነው።

ሺፍቴ 7:00 ላይ ያልቃል፣ እርስዎ እስኪመጡ ግን እዚሁ ነኝ። ከእንግዳዋ ጋር ሲያወሩ አብሬ መግባት ካለብኝ ዝግጁ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
የማታ ሺፍት ፍሮንት ዴስክ ኤጀንት