በኮምቦልቻ የመጋዘን ግቢ የሌሊት ጥበቃ ተረኛ የዙርና የክስተት ምዝገባ መቆጣጠሪያ

ይህ መቆጣጠሪያ ከኅዳር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በግቢያችን የሚሠሩት ሁለቱ ተረኞች በየሌሊቱ የሚጠቀሙበት ነው። አንደኛው ተረኛ በዋናው በር ላይ ይቆማል፣ ሁለተኛው በዙር ይሰማራል። በዙሮች መካከል ቦታ መለዋወጥ የተፈቀደ ሲሆን በሩ ግን ለአንድ ደቂቃም ቢሆን ያለ ሰው አይተውም። ምዝገባው የሚካሄደው በጥበቃ ስልኩ በቴሌግራም ቡድናችን ውስጥ ነው። በግል ስልክ የተነሣ ፎቶ ወይም የተላከ መልእክት እንደ መዝገብ አይቆጠርም።

ሲረከቡ

ተረካቢው ከ11፡45 ጀምሮ በግቢው ይገኛል፣ ከአስረካቢው ጋርም አንድ ዙር አብሮ ይዞራል። ቆሞ ፊርማ መለዋወጥ ርክክብ አይባልም።

☐ የጥበቃ ስልኩ ባትሪ ከ80 በመቶ በላይ መሆኑን፣ ፓወር ባንኩም መሞላቱን አረጋግጫለሁ።
☐ በ *804# ቀሪ ሂሳብ አይቻለሁ፤ ለጥሪ የሚበቃ ሂሳብ አለ።
☐ የእጅ ባትሪው ይሠራል። የስልኩ መብራት ቻርጁን ቶሎ ስለሚጨርስ ለዙር አይውልም።
☐ ፊሽካ፣ ዱላና የዝናብ ልብስ በጥበቃ ቤቱ ውስጥ አሉ።
☐ በቁልፍ ሰሌዳው ላይ የተንጠለጠሉትን ቁልፎች ቆጥሬ ከመዝገቡ ጋር አመሳክሬያለሁ፤ የጎደለ ካለ ከመፈረሜ በፊት ጽፌያለሁ።
☐ ባለፈው ፈረቃ ተመዝግበው ያልተቋጩ ጉዳዮችን አንብቤያለሁ።

ስለ ሰዓትና ቀን አጻጻፍ

በዚህ ጉዳይ ላይ ጥብቅ የሆንነው ያለ ምክንያት አይደለም። ስልኩ የሚያሳየው ሰዓት ከእኛ አቆጣጠር በ6 ሰዓት ይለያል። ስልኩ 20:30 ሲል ከምሽቱ 2፡30 ነው፣ 01:40 ሲል ደግሞ ከሌሊቱ 7፡40 ነው። በመልእክቱ ጽሑፍ ውስጥ የሚገባው በእኛ አቆጣጠር የተጻፈው ሰዓት ብቻ ሲሆን፣ ከቁጥሩ በፊት «ከምሽቱ»፣ «ከሌሊቱ» ወይም «ከንጋቱ» የሚለው ቃል ሳይቀር ይጻፋል። ስልኩ በመልእክቱ ጥግ ላይ በራሱ የሚያትመውን ሰዓት ማንም አይነካውም፤ ሁለቱ የሚመሳከሩት በማግስቱ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ያደናግራል። ስልኩ ቀን የሚቀይረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ አንድ ፈረቃ ለሁለት ቀን ይከፈልበታል። ስለዚህ እያንዳንዱ ምዝገባ «ኅዳር 11 ለ12 አጥቢያ» በሚል አኳኋን ይጻፋል። በዚህ መንገድ የተጻፈ ሌሊት በመርማሪ ፖሊስም ሆነ በኢንሹራንስ ሠራተኛ ፊት አያከራክርም።

ዙሮች

በሌሊት አምስት ዙሮች አሉ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ሰዓቶች መነሻ እንጂ ድንበር አይደሉም፤ ተረኛው እስከ 20 ደቂቃ ድረስ እያስቀደመ ወይም እያዘገየ፣ አቅጣጫውንም እየለዋወጠ ይዞራል። ከአጥሩ ውጭ ሆኖ የሚያጠና ሰው ካለ የመጀመሪያ ትምህርቱ የዘበኛው ሰዓት ነውና።

ዙር 1፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት። አራቱም መጋዘኖች፣ የጄኔሬተር ቤቱ፣ የነዳጅ በርሜሎቹና ቢሮው ይታያሉ። ጓጉንቸር በዓይን አይፈተሽም፣ በእጅ ተይዞ ወደ ታች ይሳባል። ተንጠልጥሎ ያልተቆለፈ ጓጉንቸር ከሁለት እርምጃ ርቀት ላይ የተቆለፈ ይመስላል። የእያንዳንዱ በር ጓጉንቸር ከበሩ መለያ ጋር፣ ማለትም ከመ1 እስከ መ4 ከተጻፈው ምልክት ጋር፣ በአንድ ፎቶ ውስጥ ይነሣል። የፎቶው መብራት በብረቱ ላይ እንዳያንጸባርቅ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን ተቁሞ ይነሣል፣ የስልኩ መስታወትም አስቀድሞ በጨርቅ ይጠረጋል።

ዙር 2፣ ከምሽቱ 3፡30። ይህ ዙር በዋናነት ለመኪና ማቆሚያው ነው። ከጅቡቲ በሚሌና በባቲ በኩል የሚመጡ ተሳቢዎች አምሽተው ሲደርሱ ጭነታቸው የሚራገፈው በማግስቱ ስለሆነ ግቢያችን ውስጥ ያድራሉ። ተረኛው የእያንዳንዱን ኮንቴይነር የማሸጊያ ቁጥር በበሩ ላይ ከተመዘገበው ጋር ያመሳክራል፣ የነዳጅ ታንከሩ ክዳን መዘጋቱን በእጁ ያረጋግጣል፣ ከመኪናው ሥር ያለውን መሬትም ያያል። እርጥብ አፈርና የናፍጣ ሽታ፣ በአቅራቢያው የተጣለ ጎማ ቱቦ ወይም ጀሪካን ከታየ ሳይነካ ፎቶ ይነሣል። ሾፌሩና ረዳቱ ጋቢና ውስጥ ወይም ከመኪናው ሥር ተኝተው ሊሆን ስለሚችል ፊታቸው ላይ ባትሪ አይበራም፤ «ወንድም፣ ጥበቃ ነኝ» ተብሎ አስቀድሞ ድምፅ ይሰጣል። ደክሞት የተኛን ሰው በብርሃን ማስበርገግ ነውርም ነው፣ አደጋም ያመጣል።

ዙር 3፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት። እንደ ዙር 1 ሆኖ ፎቶ የሚነሣው ለውጥ ለታየበት ቦታ ብቻ ነው።

ዙር 4፣ ከሌሊቱ 8፡30። እንቅልፍ የሚከብድበት፣ መንገዱም ጭር የሚልበት ጊዜ በመሆኑ ይህ ዙር ከሁሉም በላይ በእርጋታ መካሄድ አለበት። ተረኛው ከኋላው አጥር ይጀምራል። የውኃ መውረጃው ቦይ ወደ ቦርከና አቅጣጫ በሚወጣበት ቀዳዳ ላይ ያለው የብረት ፍርግርግ በእግር ሳይሆን በዱላ ይነካል፤ ከላላ ይመዘገባል። በቦይ በኩል ጅብ መታየቱ በራሱ ክስተት አይደለም፣ አይመዘገብምም። ፍርግርጉ ተነቅሎ ጅብ ወደ ግቢው ከገባ ግን ከመጋዘን በስተኋላ ብቻውን የሚዞር ተረኛ ወደ በሩ ይመለሳል፣ ተሳቢ ሥር ለተኙትም ይነግራል። በሐምሌና በነሐሴ በዚሁ ዙር የቦዩ ውኃ ከፍታ ይታያል፤ ውኃው ከፍርግርጉ በላይ ከሆነ የታችኛው መጋዘን ኃላፊ በሌሊትም ቢሆን ይደወልለታል።

ዙር 5፣ ከንጋቱ 11 ሰዓት። ጓጉንቸሮቹ ሁሉ እንደገና ይሳባሉ፣ ሲነጋም የውጭ መብራቶች ይጠፋሉ። የሱብሂ ሶላት ወይም የማለዳ ጸሎት ያለበት ተረኛ ከባልደረባው ጋር ተነጋግሮ ዙሩን ያስቀድማል ወይም ያዘገያል፣ አይዘለልም። በረመዳን ለሱሑር የሚሆነው ጊዜም በተመሳሳይ መንገድ በሁለቱ ስምምነት ይያዛል።

የተጨሰ መጋዘን

እህል ያለበት መጋዘን ለነቀዝ በፎስቶክሲን ሲጨስ በሩ ላይ ማስጠንቀቂያ ይለጠፋል። ከክኒኑ የሚወጣው ጋዝ ሰው ይገድላል። ሽታው እንደ ነጭ ሽንኩርት ወይም እንደ ተበላሸ ዓሣ ሊሆን ይችላል፣ ሽታ አለመኖሩ ግን ደኅና መሆንን አያሳይም። ተረኛው በሩን አይከፍትም፣ ጓጉንቸሩን ከሚያስፈልገው በላይ ቆሞ አይፈትሽም፣ ከብርድ ወይም ከዝናብ ለመሸሽም ከበሩ ሥር አይጠለልም። ከውስጥ ድምፅ ቢሰማ እንኳን ገብቶ ለማየት አይሞክርም፤ ለመጋዘን ኃላፊው ይደውላል። ክኒኑ እርጥበት ሲያገኝ ጋዙ ስለሚበረታ በክኒኑ ላይ ውኃ አይፈስስም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም የደረት መጨናነቅ የተሰማው ተረኛ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ወጥቶ ባልደረባውን ይጠራል።

ክስተት ሲመዘገብ

ምዝገባ የሚጻፈው በቦታው ላይ ነው፣ ወደ ጥበቃ ቤት ተመልሶ በሻይ ላይ አይደለም። በአምስት ነገሮች ይሞላል፦ ቀንና ሰዓት፣ ትክክለኛው ቦታ፣ በዓይን የታየው ወይም በጆሮ የተሰማው፣ የተደረገው፣ የተነገረው ሰው። ግምት ከታየው ነገር ጋር አይቀላቀልም። የሚከተለው በአግባቡ የተጻፈ ምዝገባ ነው፦

«ኅዳር 11 ለ12 አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 8፡50። የመ3 የኋላ በር ጓጉንቸር ተቆልፎ ተገኝቷል፤ ማጠፊያው ላይ ግን በዙር 1 ፎቶ ላይ የሌለ አዲስ ጭረት አለ። በአካባቢው ሰው አልታየም፣ ድምፅም አልተሰማም። ሁለት ፎቶዎች ተያይዘዋል። ከሌሊቱ 8፡54 ለጥበቃ ኃላፊ ተደውሏል፤ እስኪነጋ በሩ እንዳይነካ ታዟል።»

ይኸው ክስተት «ሌቦች መ3ን ሊሰብሩ ሞክረው አምልጠዋል» ተብሎ ቢጻፍ ተቀባይነት የለውም፤ ሌባ ያየ የለም፣ ሲያመልጥም ያየ የለም። ጭረቱ በቀን በጫኝና አውራጅ የተፈጠረ ሊሆን ይችላል፣ ያንን የሚያጣራው ሌላ ሰው ነው።

መብራት ሲጠፋና ሲመለስ ሁለቱም ሰዓቶች ይመዘገባሉ። በአጭሩም እንዲህ ይበቃል፦ «ከምሽቱ 4፡12 መብራት ጠፋ፤ 4፡15 ጄኔሬተር ተነሣ፤ 5፡40 መብራት ተመለሰ።» ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ድረስ የዙር ተረኛው ያለበትን ሥራ ትቶ ወደ መኪና ማቆሚያው ይሄዳል፣ ምክንያቱም በጨለማው ደቂቃዎች ነዳጅና የመኪና ባትሪ በቀላሉ ይወሰዳል።

ኔትወርክ ከሌለ ምዝገባው በስልኩ ማስታወሻ ላይ ይጻፍና ኔትወርኩ ሲመለስ «ዘግይቶ የተላከ» ተብሎ፣ ክስተቱ የሆነበት ሰዓት ሳይለወጥ ይላካል። የተላከ መልእክት አይጠፋም፣ አይስተካከልምም፤ ስሕተት ካለ «ማረሚያ» የሚል አዲስ መልእክት ይጻፋል። «ዙር ተጠናቋል፣ ሰላም ነው» የሚለው ብቻውን አይበቃም፤ ያልታየ ቦታ ካለ የቱ እንደሆነና ለምን እንደቀረ ይጨመርበታል። የሰው ፎቶ የሚነሣው ለማስረጃ አስፈላጊ ሲሆን ብቻ ነው፤ ከቡድኑ ውጭ አይላክም፣ ለወዳጅም አይታይም።

ለማን ይደወላል

የታየው ነገር እስኪነጋ የሚቆይ ከሆነ ምዝገባው ብቻ ይበቃል። የተነካ ማሸጊያ፣ የተቆረጠ አጥር ወይም የጎደለ ንብረት ከታየ በመጀመሪያ ለጥበቃ ኃላፊ ይደወላል፤ ሁለት ጊዜ ካላነሣ ለመጋዘን ኃላፊ። ሰው በግቢው ውስጥ ካለ ፊሽካ ይነፋል፣ ባልደረባው ይጠራል፣ ለፖሊስ በ991 ይደወላል፤ አጥር ዘሎ የወጣን ሰው ማንም ተረኛ ተከትሎ አይወጣም። ለተጎዳ ሰው የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ጭስ ከታየ የመጋዘኑ በር ሳይከፈት ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ይጠፋል፣ በጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ በተለጠፈው የከተማው እሳት አደጋ ቁጥር ይደወላል፣ በመኪናዎቹ የተኙትም ይቀሰቀሳሉ። በእነዚህ ሦስት ሁኔታዎች ጥሪው ይቀድማል፣ ጽሑፉ ይከተላል።

ሲያስረክቡ

☐ ከቀን ተረኛው ጋር አንድ ዙር አብሬ ዞሬያለሁ።
☐ አምስቱም ዙሮች በቡድኑ ውስጥ ተመዝግበዋል፤ የቀረ ዙር ካለ ምክንያቱ ተጽፏል።
☐ በሌሊት የገቡና የወጡ መኪናዎች ሰሌዳ ቁጥር ከበር መዝገቡ ጋር ይስማማል።
☐ ያልተቋጩ ጉዳዮችን በአንድ መልእክት ሰብስቤ «ለቀን ተረኛ» ብዬ ልኬያለሁ፣ በቃልም ነግሬዋለሁ።
☐ ስልኩን ቻርጅ ላይ አድርጌ፣ ቁልፎቹን አስቆጥሬ፣ በርክክብ ደብተሩ ላይ ከሰዓቱ ጋር ፈርሜያለሁ።