ቀይዋ መብራት

ጫጫን እንዳለፈች ቀይዋ የባትሪ ምልክት በራች። ቤዛ መጀመሪያ የጀንበር ነጸብራቅ መሰላት፤ ጀንበሯ ግን ከጠለቀች ቆይታለች።

መኪናዋን በዕቁብ ገንዘብ ከገዛች ገና ሁለት ወሯ ነው። ጋሼ፣ የእናቷ ታላቅ ወንድም፣ "አርጅታለች፣ ተያት" ብለዋት ነበር። ዕድሜያቸውን በአሰብ መንገድ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ ሰው ናቸው። አልሰማቻቸውም። እሳቸውም ከበር ወጥተው መኪናዋን አላዩላትም፤ ከዚያ ወዲህ አልተደዋወሉም።

ሞተሩን ሳታጠፋ ዳር ይዛ ቆመች። ጣቷ ስማቸው ላይ ትንሽ ቆየ።

"ጋሼ፣ የባትሪ መብራት በራብኝ።"

"የት ነሽ?"

"ከደብረ ብርሃን እየመጣሁ፣ ጫጫን አልፌ።"

"ሞተሩን እንዳታጠፊው፤ ካጠፋሽው ላይነሳ ይችላል። ሙቀቱ የት ላይ ነው?"

"መሃል።"

"መሪው ከበደሽ?"

"ኧረ አልከበደኝም።"

"እንግዲያው ቺንጋው አልተበጠሰም። ዲናሞው ነው መሙላት ያቆመው፤ አሁን ባትሪው በያዘው ብቻ ነው የምትሄጂው። ማሞቂያውንና ሬዲዮውን አጥፊ፣ የስልክሽን ቻርጀር ንቀይ። ረጅሙን መብራት አትንኪ። ባትሪሽ ጤነኛ ከሆነ ሸኖ ያደርስሻል። እዚያ የማውቀው ኤሌክትሪሺያን አለ፣ አስፋልት ዳር ይጠብቅሻል።" ጥቂት ዝም አሉ። "ቀለሟ ምንድን ነው?"

"ሰማያዊ" አለች። እንባዋ መጣ። "ሰማያዊ ናት፣ ጋሼ።"

ሸኖ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይቀራታል። ማሞቂያው ሲጠፋ ብርዱ ከእግሯ ጀመራት፤ መስታወቱ ላበው፣ በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ነዳች። ቀኝ ጠርዙ ላይ ያለውን ነጭ መስመር ብቻ ነበር የምታየው። እሱም እየራቃት ሄደ፤ መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ሻማ መሰለ። አይሱዙ ከፊት በመጣ ቁጥር በእሱ ብርሃን መንገዱን ታጠናና፣ ካለፈ በኋላ ባየችው ትሄዳለች።

ሸኖ መግቢያ ላይ አንድ ሰው የእጅ ባትሪ እያወዛወዘ "ሰማያዊዋ! እዚህ ጋ!" ሲል ሰማች።

"አሁን አጥፊው፣ እህቴ" አላት። እጇ ቁልፉ ላይ ቢሆንም ወዲያው አላጠፋችም።

ዲናሞውን ፈታው። ሁለቱ ካርቦኖች አልቀው የጥፍር ያህል ቀርተዋል። አዲስ ካስገባ በኋላ ከቆመ ሚኒባስ በካቦ ኃይል ሰጣት፤ ሞተሩ ተነሳ፣ ቀይዋ ጠፋች።

ጋሼ ገና ስልኩ ሳይጠራ አነሱት።

"ካርቦን ነው፣ ጋሼ። ተቀይሯል።"

"አሮጌውን እንዳትጥይው፣ አየዋለሁ። ቀስ ብለሽ ነይ፤ ግቢ ታስገቢያታለሽ፣ በሩን ከፍቼ እጠብቃለሁ።"