ምዕራፍ 4፦ የሰው ገንዘብ በሰው እጅ (ኮርፖሬት ገቨርናንስ፣ ቦርድና የኤጀንሲ ችግር)

ሰላም የማታው ክላስ ተማሪዎች፣ ባለፈው ሐሙስ ሰዓት አልቆብን ያቋረጥነውን ምዕራፍ ሙሉውን እዚህ ጽፌላችኋለሁ። ስላይዱን ብቻ አንብባችሁ ሚድ እንዳትገቡ፣ ስላይዱ ላይ ያለው የቃላት ፍቺ ነው፣ እኔ የምጠይቃችሁ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚሰራና የት ጋ እንደሚበላሽ ነው።

ከአንድ ፋብሪካ እንነሳ። ኮምቦልቻ ያለ የዱቄት ፋብሪካ አክሲዮን ማህበር ነው እንበል፣ ካፒታሉ 200 ሚሊዮን ብር፣ ባለአክሲዮኖቹ ከ2,000 በላይ። አንዷ ባለአክሲዮን ደሴ የምትኖር የመንግስት ሰራተኛ ናት፣ 100,000 ብር አስገብታለች፣ ድርሻዋ 0.05 በመቶ ማለት ነው። አሁን ስራ አስኪያጁ ለራሱ መኪና ሊገዛ ነው፣ ለስራው ፒክአፕ ይበቃዋል፣ እሱ ግን በ10 ሚሊዮን ብር የሚበልጥ ቪ8 አዘዘ። ከዚህ 10 ሚሊዮን ውስጥ የሷ ድርሻ ስንት ነው? 5,000 ብር። ይሄን ለማስቆም ደብዳቤ መጻፍ፣ ሂሳቡን አስጠንቶ መረዳት፣ ከስራ ፈቃድ ወስዶ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ መገኘት፣ ሌሎችን ማሳመን አለባት፣ ይሄ ሁሉ ከ5,000 ብር በላይ ያስወጣታል፣ ደግሞ ብታሸንፍ እንኳ እሷ የምታድነው 5,000 ነው፣ ቀሪው 9,995,000 ብር ምንም ያልደከሙት የሌሎቹ ነው። ስለዚህ ዝም ትላለች። ሁሉም እንደሷ አስልቶ ዝም ይላል። ሰነፎች ስለሆኑ አይደለም፣ ለየራሳቸው ያሰሉት ሂሳብ ትክክል ነው፣ ተደምሮ ሲታይ ግን ፋብሪካውን የሚጠብቅ ሰው የለም። ፍሪ ራይደር ፕሮብለም የምንለው ይሄ ነው፣ ይሄን ስሌት በደንብ ከያዛችሁ የምዕራፉ ግማሽ ገብቷችኋል።

የኤጀንሲ ችግር የሚመጣው ገንዘቡን ያወጣው ወካይና ስራውን የሚሰራው ተወካይ ሁለት የተለያዩ ሰዎች ሲሆኑና ፍላጎታቸው ሳይገጥም ሲቀር ነው። ፍላጎት አለመግጠሙ ብቻውን ግን አይበቃም። ባለቤቱ ሁሉንም ማየት ቢችል ኖሮ በውል ያስረው ነበር፣ አያይም እንጂ። ስንዴው በስንት እንደተገዛ፣ ከየትኛው አቅራቢ፣ አቅራቢው የማን ዘመድ እንደሆነ የሚያውቀው ስራ አስኪያጁ ነው። እኛ አገር "ከባለቤት ያወቀ ቡዳ ነው" ይባላል፣ አክሲዮን ማህበር ውስጥ ግን ተወካዩ ሁልጊዜ ከባለቤቱ የበለጠ ያውቃል፣ የተቀጠረውም ስለሚያውቅ ነው፣ ስለዚህ ይሄን የመረጃ ክፍተት ልናጠበው እንችል ይሆናል እንጂ አናጠፋውም።

ችግሩ ስርቆት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ፈተና ላይ ብዙ ሰው ሙስና ብቻ ጽፎ ይወጣል። ስራ አስኪያጁ አንድ ሳንቲም ሳይነካ ሊጎዳችሁ ይችላል። ትልቅ ድርጅት መምራት ክብርና ደሞዝ ስለሚጨምር ትርፍ የማያመጣ ቅርንጫፍ ይከፍታል፣ ወይ የስራ ዘመኑ ሁለት አመት ስለቀረው ፍሬው ከአምስት አመት በኋላ የሚታይ ማሽን አይገዛም፣ ወይ ደግሞ ከከሸፈ የሚባረረው እሱ ስለሆነ ለባለአክሲዮኑ የሚያዋጣውን ሪስክ ይሸሻል። ባለአክሲዮኑ ገንዘቡን አስር ቦታ ሊበትነው ይችላል፣ ስራ አስኪያጁ ግን ያለው አንድ ስራ ነው፣ ሪስክን በአንድ አይን ሊያዩት አይችሉም።

እ.ኤ.አ. በ1976 ኢኮኖሚስቶቹ ጄንሰንና መክሊንግ የኤጀንሲ ወጪን በሶስት ከፍለው አሳይተዋል፦ ወካዩ ለመቆጣጠር የሚያወጣው (ኦዲት፣ ቦርድ፣ ሪፖርት)፣ ተወካዩ ራሱ ታማኝነቱን ለማሳየት የሚያወጣው፣ ከሁለቱም በኋላ ደግሞ ሊጠፋ የማይችለው ቀሪ ኪሳራ። ሶስተኛው ላይ አስምሩበት። አላማችን ችግሩን ዜሮ ማድረግ አይደለም፣ 1 ብር ለማዳን 3 ብር ቁጥጥር ላይ ካወጣን ኪሳራ ነው።

ታዲያ ያቺ የደሴዋ ሴትዮ በየቀኑ ፋብሪካ መሄድ ካልቻለች እሷንና ሌሎቹን ወክሎ የሚያይ አካል ያስፈልጋል፣ እሱ ነው ቦርዱ። ጠቅላላ ጉባኤው ቦርዱን ይመርጣል፣ ቦርዱ ዋና ስራ አስፈጻሚውን ይቀጥራል፣ ደሞዙን ይወስናል፣ ስትራቴጂ ያጸድቃል፣ ካልሆነም ያባርራል። ልብ በሉ ግን፣ ቦርዱም ራሱ ተወካይ ነው። የኤጀንሲ ችግርን ለመፍታት ሌላ ኤጀንት ነው የቀጠርነው፣ ስለዚህ "ቦርዱንስ ማን ያየዋል" የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው።

አወቃቀሩን በተመለከተ ሁለት አይነት አለ። እንግሊዝና አሜሪካ ባለ አንድ እርከን ናቸው፣ ስራ ላይ ያሉት ኃላፊዎችና ከውጭ የመጡት ዳይሬክተሮች አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣሉ። ጀርመን ባለ ሁለት እርከን ነው፣ ስራውን የሚመራው ቦርድ ሌላ፣ ተቆጣጣሪው ቦርድ ሌላ፣ አንድ ሰው ሁለቱም ላይ መቀመጥ አይችልም፣ ከ2,000 በላይ ሰራተኛ ያለው ኩባንያ ደግሞ በ1976ቱ ህግ መሰረት የተቆጣጣሪው ቦርድ ግማሽ የሰራተኛ ተወካዮች ናቸው። የኛ የ2013 የንግድ ህግ (አዋጅ ቁጥር 1243) ተቆጣጣሪ ቦርድን አስተዋውቋል፣ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰው ቦርድ የሚገባበትንም በር ከፍቷል፣ በ1952ቱ ህግ ዳይሬክተር ለመሆን ባለአክሲዮን መሆን ግድ ነበር። እኔ ይሄ ለውጥ ትልቅ ነው ባይ ነኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ገንዘብ ያስገባ ሰው ሁሉ ሂሳብ ማንበብ ይችላል ማለት አይደለም።

የቦርድ ሊቀመንበርና ዋና ስራ አስፈጻሚ አንድ ሰው ሲሆን ደግሞ ተቆጣጣሪውና ቁጥጥር የሚደረግበት አንድ ሆኑ ማለት ነው፣ አጀንዳ የሚያወጣውም የሚገመገመውም እሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይሄ የተለመደ ነው፣ እንግሊዝ ውስጥ የኮርፖሬት ገቨርናንስ ኮዱ እንዲለያዩ ይጠይቃል፣ የኛ ባንኮችም ሊቀመንበርና ፕሬዝዳንት ለየብቻ ነው ያላቸው። ኮሚቴዎቹን (ኦዲት፣ ሪስክ፣ ምርጫ፣ ክፍያ) ስላይዱ ላይ ታገኛላችሁ፣ ዋናው ኦዲት ኮሚቴው ነው፣ የውስጥም የውጭም ኦዲተር ስራ አስፈጻሚውን ሳይፈራ የሚያናግረው አካል እሱ ስለሆነ።

አሁን ሁላችሁም "ከስራ አስፈጻሚው ጋር ጥቅም የማያገናኘው ገለልተኛ ዳይሬክተር ካለ፣ ኮሚቴ ካለ፣ ሊቀመንበሩ ከተለየ አለቀ" ልትሉ ነው። ኤንሮንን እንይ።

ኤንሮን የአሜሪካዋ ሂውስተን ከተማ የኢነርጂ ኩባንያ ነበር። በወረቀት ላይ ቦርዱ ምንም አይወጣለትም፣ አብዛኞቹ ከውጭ የመጡ፣ የኦዲት ኮሚቴው ሰብሳቢ የስታንፎርድ ቢዝነስ ትምህርት ቤት ዲን የነበረ የአካውንቲንግ ፕሮፌሰር። እ.ኤ.አ. በ1999 የፋይናንስ ኃላፊው አንድሩ ፋስታው ኤልጄኤም የሚባሉ ሽርክናዎች አቋቁሞ እሱ እየመራቸው ከኤንሮን ጋር ሊገበያይ ፈለገ፣ ማለትም አንዱ ሰው በአንድ በኩል የኤንሮን ሻጭ፣ በሌላ በኩል የራሱ ገዢ። የኩባንያው የስነምግባር ደንብ ይሄን ይከለክላል። ቦርዱ ምን አደረገ? ደንቡ ለሱ እንዳይሰራ ፈቀደለት! ያውም አንዴ ብቻ አይደለም። ቁጥጥር እናደርጋለን ብለው ነበር፣ ግን ፋስታው ከነዚያ ሽርክናዎች በግሉ ስንት እንደሚያገኝ ጠበቅ አድርጎ የጠየቀ አልነበረም፣ በኋላ ሲጣራ ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆኖ ተገኘ። ኪሳራና እዳ በነዚህ ሽርክናዎች ውስጥ እየተደበቀ ሂሳቡ ያማረ መሰለ።

የውጭ ኦዲተሩስ? የኦዲት ድርጅቱ አርተር አንደርሰን በ2000 ከኤንሮን ወደ 52 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎታል፣ ከግማሽ በላዩ የኦዲት ሳይሆን የማማከርና የሌላ ስራ ክፍያ ነው። እንዲህ የሚከፍልህን ደንበኛ ሂሳብህ ትክክል አይደለም ማለት ከባድ ነው፣ እሱም ተወካይ ነውና ለራሱ ያስባል። የደሞዝ ማበረታቻውም ተገልብጦ ሰራ፣ ኃላፊዎቹ የአክሲዮን ኦፕሽን፣ ማለትም አክሲዮኑን አስቀድሞ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ስለተሰጣቸው ፍላጎታቸው ከባለአክሲዮኑ ጋር ይገጥማል ነበር የተባለው፣ እነሱ ግን የዋጋው ቁጥር እንዲጨምር እንጂ ድርጅቱ እንዲጠነክር አልሰሩም። በ2000 ክረምት 90 ዶላር የደረሰው አክሲዮን በኖቬምበር 2001 መጨረሻ ከ1 ዶላር በታች ወረደ፣ ዲሴምበር 2 ኩባንያው የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፣ የጡረታ ቁጠባቸውን በኤንሮን አክሲዮን የያዙ ሰራተኞች ስራቸውንም ቁጠባቸውንም አብረው አጡ። እኔን ሁሌም የሚያናድደኝ እነዚህ ሰራተኞች ናቸው፣ ገቨርናንስ የህግ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ አይደለም የምላችሁ ለዚህ ነው። በቀጣዩ አመት የወጣው የሳርቤንስ ኦክስሌ ህግ ኦዲተር ለሚያየው ድርጅት አብዛኛውን የማማከር ስራ እንዳይሰራ ከለከለ፣ ዋና ስራ አስፈጻሚውና የፋይናንስ ኃላፊውም ሂሳቡ ትክክል ነው ብለው በፊርማቸው እንዲያረጋግጡ አስገደደ።

የኤንሮን ቦርድ ያጣው መዋቅር አይደለም፣ ከስራ አስፈጻሚው እጅ ያልመጣ መረጃና "አልፈቅድም" የሚል ሰው ነው። ስለዚህ አንድን ቦርድ ስትገመግሙ ስንት ገለልተኛ አለ ከማለታችሁ በፊት የስብሰባ ዶክመንቱ መቼ ይደርሳቸዋል፣ የውስጥ ኦዲተሩን ማን ነው የሚቀጥረውና የሚያባርረው፣ ባለፈው አመት ቦርዱ ውድቅ ያደረገው ሀሳብ አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስብሰባው ነገ ጠዋት ሆኖ 300 ገጽ ዛሬ ማታ የተላከለት ዳይሬክተር እጁን ከማውጣት ውጭ ምንም ማድረግ አይችልም።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ የራሱ መልክ አለው። አዋሽ ባንክ በ1994 (እ.ኤ.አ.) ሲቋቋም 486 መስራች ባለአክሲዮኖች ነበሩት፣ ዛሬ የግል ባንኮቻችን ባለአክሲዮን በሺዎች ነው የሚቆጠረው። በ2008ቱ (እ.ኤ.አ.) የባንክ ስራ አዋጅ ደግሞ ከመንግስት በቀር ማንም ሰው ከአንድ ባንክ አክሲዮን ከ5 በመቶ በላይ መያዝ አይችልም ተብሎ ነበር። ይሄ አንድ ሀብታም ባንኩን የራሱ ካዝና እንዳያደርገው ይከላከላል፣ ትክክል ነው። ነገር ግን የደሴዋን ሴትዮ ስሌት አስታውሱ፣ ባለቤትነት በተበተነ ቁጥር የሚጠብቅ ሰው ይሳሳል። በቤተሰብ ድርጅት ደግሞ ተቃራኒው ነው፣ ዋናው ባለአክሲዮን ስራ አስኪያጁን አፍንጫው ስር ይዞ ያየዋል፣ ችግሩ በትልቁና በትንሹ ባለአክሲዮን መሀል ይሆናል፣ ትልቁ ከራሱ ሌላ ድርጅት ጋር እያዋዋለ ትርፉን ያወጣዋል። ሁለቱን አትቀላቅሉ፣ መድኃኒታቸው የተለያየ ነው።

ሌላው የጎደለን ነገር በገበያ የሚታይ የአክሲዮን ዋጋ ነበር። ባለአክሲዮን ካልተመቸው ሽጦ የሚወጣበት ገበያ ከሌለ ስራ አስኪያጁ ምን ይፈራል? የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጃንዋሪ 2025 ስራ ሲጀምር ወጋገን ባንክ ቀድሞ ተመዘገበ፣ እንዲህ አይነት ገበያ ሲለመድ የወረደ ዋጋ ራሱ ለቦርዱ ጥያቄ ይሆናል።

አሳይመንት፦ በአራት አራት ሆናችሁ የአንድ ባንክ ወይም ኢንሹራንስ አመታዊ ሪፖርት አውርዱ። የቦርድ አባላቱን የስራ ልምድ፣ ኮሚቴዎቹን፣ ለቦርድ የተከፈለውን ገንዘብና ከተዛማጅ ወገኖች፣ ማለትም ከድርጅቱ ኃላፊዎች፣ ከትልልቅ ባለአክሲዮኖቹና ከቤተሰባቸው ጋር የተደረገ ግብይት የሚለውን ማስታወሻ ፈልጉ (ብዙውን ጊዜ ከሂሳቡ ኋላ ነው ያለው፣ ዝለሉት እንዳትሉ)። ሪፖርቱ ውስጥ ያላገኛችሁትንም ጻፉ፣ ለሱም ማርክ አለው። ሁለት ገጽ ይበቃል፣ ሐሙስ ክላስ ሲጀመር እቀበላለሁ።