እማማ ይመናሹ ወንበሩ ላይ አልቀመጥም አሉ

ወይዘሮ ይመናሹ ቦሌ ላይ ተሽከርካሪው ወንበር ሲመጣ ለሌላ ሰው መስሏቸው ዞር ብለው መንገድ ለቀቁለት። የሚገፋው ወጣት ግን በእጁ የያዘውን ወረቀት አነበበና «እማማ፣ የእርስዎ ነው፤ ይቀመጡ» አላቸው።

«የኔ? እግሬ ምን ሆኖ?»

ሰባ አንድ ዓመታቸው ነው። ደሴ ላይ፣ ጦሳ ሥር ካለው ቤታቸው ተነስተው ዳገቱን ወጥተው በየማለዳው ቤተ ክርስቲያን የሚሳለሙ፣ ከሰኞ ገበያ ጤፍ ተሸክመው የሚመለሱ ሴት ናቸው። ወንበሩን ያዘዘችላቸው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው ልጃቸው አስቴር ናት። እናቷ ለመራመድ እንደማይቸገሩ ታውቃለች፤ የፈራችው ቋንቋውን፣ የበሮቹን ብዛትና ወረፋውን ነው። ወላጆቹን ለብቻቸው የሚያስመጣ ሰው ሁሉ እንዲህ ያደርጋል፤ የሚገፋው ሰው መንገዱን ያውቀዋልና።

ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ከደሴ አብሯቸው የመጣው የእህታቸው ልጅ በር ላይ ቀርቷል። ወይዘሮ ይመናሹ ወጣቱን ከእግር እስከ ራሱ አዩትና የእጅ ቦርሳቸውን ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«በል እሱን ግፋ። እኔ ከጎንህ እሄዳለሁ።»

ሁለቱ ሻንጣዎች እያንዳንዳቸው ልክ ሃያ ሦስት ኪሎ ናቸው፤ ባለሱቁ ሚዛን ላይ ሦስት ጊዜ ወጥተው ወርደዋል። በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ ለልጅ ልጆች የተሠራ ነጠላ። ቋንጣው ግን ቀረ። አስቴር «እማዬ፣ ሥጋ የሆነ ነገር አያስገቡም፣ አውጥተው ይጥሉታል» ብላ በስልክ ስትለምናቸው ሰንብታ፣ ወንድሟ ጌታቸው የሚወደው ቋንጣ ከነገመዱ ለጎረቤት ተሰጠ። ወይዘሮ ይመናሹ እስከ ጣርማበር ዋሻ ድረስ ስለ ቋንጣው ሲያወሩ ነበር።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ውዳሴ ማርያም ጀመሩ። የአዲስ አበባ መብራት ከበታች ሲርቅ አጠገባቸው የተቀመጠው ልጅ «እማማ፣ ይዩት፤ ያምራል» አላቸው። አንድ ዓይናቸውን ከፍተው አዩና መልሰው ጨፈኑ። ትንሽ ቆይተው ሁለቱንም ከፈቱ።

ጊዜው ፍልሰታ ነው። የጾም እራት ቀረበላቸው፤ ባርከው በሉ። ከዚያ በኋላ የመጣው ነገር ግን ግራ አጋባቸው። ሌሊቱ አልነጋ አለ። የእጅ ሰዓታቸው አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ጸሎታቸውን ለማድረስ ተዘጋጁ፤ ውጪው ጨለማ ነው። አንድ ሰዓት ሆነ፣ ጨለማ ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሆነ፤ ደሴ ላይ ፀሐይ ወጥታ ልብስ የሚሰጣበት ሰዓት ነው፤ በመስኮቱ በኩል አሁንም ድንግዝግዝ ነው። «ሰዓቴ ተበላሽታ ይሆን?» ብለው ልጁን ጠየቁት። ወደ ምዕራብ ስለምንሄድ ፀሐይዋ ከኋላ እየተከተለችን ነው አላቸው። አሰቡበት። ከዚያም ዋናውን ጥያቄ አመጡ፦

«እና ጾሙን በየትኛው ሰዓት ነው የምይዘው?»

ልጁ መልስ አልነበረውም። እሳቸው ግን ወሰኑ፤ በደሴ ሰዓት። ቅዳሴው እስኪወጣ፣ ዘጠኝ ሰዓት እስኪሞላ ውኃም አይቀምሱም። አስተናጋጇ ቁርስ ይዛ ስትመጣ በእጃቸው መለሷት።

በመካከሉ አንድ ጊዜ አርፈው ነበር። ጎማው መሬት ሲነካ ተነስተው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቦርሳቸውን ይዘው ቆሙ። ልጁ ክንዳቸውን ያዝ አድርጎ አስቀመጣቸው። ነዳጅ ሊቀዳ ነው፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አውሮፕላኑ ታንኩን ሞልቶ፣ ሰዉንና ዕቃውን ሁሉ ይዞ መነሳት ይከብደዋል ብሎ አስረዳቸው።

«ልክ ነው፤ ዳገት ላይ አህያም ሙሉ አትጫንም» አሉ።

ዋሽንግተን፣ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ በደሴ ሰዓት ዘጠኝ አልፎ ነበር። አንድ እፍኝ ዳቦ ቆሎ ቆረጣጥመው፣ ውኃ ጠጥተው ጫማቸውን ለማድረግ ጎንበስ አሉ። አልገባ አለ። ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠው እግራቸው አብጧል። ተረከዛቸውን ገፉት፣ ክሩን ፈቱት፤ እንቢ አለ። ሰዉ ወርዶ ሊያልቅ ነው።

በሩ ላይ ወንበር ይዛ የቆመች ወጣት ሴት ነበረች። «እማማ ይመናሹ? እንኳን ደህና መጡ» አለች፣ በአማርኛ። ወይዘሮ ይመናሹ ባዶ እግራቸውን አዩ፤ ወንበሩን አዩ። ከዚያ ምንም ሳይሉ ተቀመጡ። ልጅቷ ጫማቸውን ተቀብላ በፌስታል አድርጋ ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው።

«የት አገር ልጅ ነሽ?»

«ኮምቦልቻ።»

«ኮምቦልቻ! ታዲያ እኔ ሌላ አገር መጣሁ እንዴ?»

ፓስፖርት ከሚያየው ሰው ፊት ሲደርሱ መሣሪያው አሻራቸውን አላነብ አለ። አራት ጣት፣ አውራ ጣት፤ እንደገና። ወይዘሮ ይመናሹ ባላቸው ከሞቱ በኋላ እንጀራ ጋግረው እየሸጡ ነው አስቴርንና ጌታቸውን ያስተማሩት። የምጣዱ እሳት የጣቶቻቸውን ጫፍ አልስልሶታል፤ መስመር የሚባል አልቀረበትም። ሰውየው ፊቱን ኮስተር ሲያደርግ ልጅቷ በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለችው። ጣቶቻቸውን ቀና አድርጎ አየ። ከዚያ እርጥብ መጥረጊያ ሰጣት፤ አንድ በአንድ ጠረገችላቸውና በራሷ እጅ መስታወቱ ላይ ጫን አድርጋ ያዘችላቸው። አነበበ።

«ምን አልሽው?»

«እናቴም ጣቷ እንዲሁ ነው አልኩት።»

ስንት ጊዜ እንደሚቆዩ ተጠየቁ። «ለጥምቀት ቤቴ ነኝ» አሉ፤ ልጅቷ ተረጎመች፤ ማኅተሙ ተመታ።

ሻንጣው እስኪመጣ ጠየቋት። እናቷን ካየች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ወረቀቷ አላለቀም፤ ወጥታ መመለስ አትችልም። እናትየውም ሁለት ጊዜ ቪዛ ጠይቀው ተከልክለዋል። ልጅቷ ይህን ስትናገር ዓይኗ ሻንጣዎቹ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ የተናገረችው ነገር እንደሆነ ያስታውቃል። ወይዘሮ ይመናሹ እጇን ያዙና «አብሽሪ» አሏት። ሌላ አልጨመሩም።

የመጨረሻው በር ሲከፈት አስቴር እየሮጠች መጣች፤ ጌታቸው ሁለቱን ልጆች እየጎተተ ከኋላዋ። እናት ሲስሙ፣ ሲሳሙ፣ የልጅ ልጆቻቸውን ፊት በሁለት መዳፋቸው ይዘው ሲያገላብጡ ቆዩ። ልጅቷ ወንበሩን ይዛ ቀስ ብላ ልትመለስ ዞረች።

«ቁሚ!» አሉ ወይዘሮ ይመናሹ። «ጌታቸው፣ ይህን ሻንጣ ክፈተው።»

«እማዬ፣ እዚህ መሃል መንገድ ላይ?»

«ክፈተው አልኩህ።»

ከበርበሬው አንዱን ከረጢት፣ ከድርቆሹም አንዱን አወጡ። ልጅቷ ሥራ ላይ እንደሆነች፣ ከመንገደኛ መቀበል እንደማይፈቀድላት ተናገረች። ወይዘሮ ይመናሹ ከረጢቶቹን ለአስቴር አስረከቡ።

«እንግዲያው አንቺ ጋ ይቀመጥላት። ስልኳን ጻፊ። ነሐሴ 16 ጾሙ ይፈታል፤ ይህች ልጅ ሳትመጣ ዶሮው እሳት ላይ አይጣድም። በያ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ጻፊ!»

አስቴር ስልኳን አወጣች።